«ይህ ትልቁ በጉ» ስህተት ነው?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሞላሌ ነው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ስለ ቤተሰባችን ድርሰት ጻፈች፤ መምህሯ ሁለት ቦታ በቀይ ሰርዞ መለሰላት። አንደኛው «ታላቅ ወንድሜ አንድ የሚወደው ሙክት አለው። ይህ ትልቁ በጉ ክረምቱን ታሞ ከረመ» የሚለው ነው። ሁለተኛው «አክስቴ አንድ ውሻ አላት። ያ ውሻው ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል» የሚለው ነው። ከጎናቸው «ከይህና ከያ በኋላ ኡ ወይም ው አይመጣም» ብሎ ጽፎበታል። እናቴ ግን ከበረት ደጃፍ ቆማ «ያ ትልቁ በግ» ስትል ነው የምትውለው። ማን ነው የተሳሳተው?

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ መምህሩ በውሻው ረትቷል፣ በበጉ ተረትቷል። እናትዎ ደግሞ ልክ ናቸው፤ ከክርክሩ ውስጥ የሚያስገባቸው ነገር የለም። ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ሲታዩ ይመሳሰላሉ። «ይህ» ወይም «ያ» የሚል አመልካች አለ፣ ከኋላው «ኡ» ወይም «ው» አለ። መምህሩን ያሳሳተው ይህ መመሳሰል ይመስለኛል። እኔም አማርኛ ሳስተምር በኖርሁበት ዘመን ይህንኑ ሕግ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አውቃለሁና ብዙም አልፈርድበትም። ሕጉ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከቀይ ብዕር ጋር ሲገናኝ ልክ የሆነውንም ያጠፋል።

ከ«በጉ» እንነሳ። አንድ ሰው «በግ ገዛሁ» ካለ በኋላ «በጉን አሰርሁት» ቢል፣ «ኡ» የምትነግረን በጉ አሁን የታወቀ፣ ቀድሞ የተነሳ መሆኑን ነው። ሰዋስው የሚጽፉ ሰዎች ይህን «እሙር» ይሉታል፤ የታወቀ፣ የተለየ ማለት ነው። ነገር ግን ያችው «ኡ» ሌላም ሥራ አላት። «ወንድሜ በጉን ሸጠ» ስንል የራሱን በግ ማለታችን ሊሆን ይችላል። ድምፁ አንድ፣ ፊደሉ አንድ፣ ሥራው ሁለት። ከአናባቢ በኋላም እንዲሁ ነው፤ «ውሻው» የታወቀው ውሻ ወይም የእሱ ውሻ ነው። ስለዚህ «በጉ» የሚለውን ብቻውን አይቶ «ይህች ኡ የትኛዋ ናት?» ብሎ መመለስ አይቻልም። መለያው ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ቀላል ነገር ነው፤ ጾታ ነው።

እሙርነትን የምታሳየው ቅጥያ የምትከተለው የነገሩን ጾታ ነው። ባለቤትነትን የምታሳየው ደግሞ የባለቤቱን ጾታ ትከተላለች። በጉ ወንድ፣ ባለቤቱም ወንድ ሲሆን ሁለቱ ተደራርበው አንድ «ኡ» ይሆናሉ፤ ጥርጣሬው የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። አንዳቸውን ሲለውጧቸው ግን ወዲያው ይለያያሉ። ወንዱ በግ የእህትዎ ከሆነ «በጓ» እንጂ «በጉ» አይባልም፤ «በጉ» ካልን የታወቀው በግ ማለታችን ብቻ ነው። በተቃራኒው ላም ይውሰዱ። «ላሙ» የተባለ እንደሆነ የእሱ ላም ማለት ነው፤ ላም ሴት ናትና የታወቀችውን ላም «ላሙ» ልንላት አንችልም። እሷን «ላሟ» ወይም «ላሚቱ» እንላታለን።

ሰፈር ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ የምንሰማው ነገር ስለሆነ እንግዳ አይደለም። ቅጥያው የማንን ጾታ እየተከተለ እንደሆነ ግን ራሳችንን አንጠይቅም። አሁን ይህንን መለያ ይዘን ወደ ልጅዎ ድርሰት እንግባ።

ሙክቱ የወንድሟ ነው። ዓረፍተ ነገሩ «ይህ ትልቁ በጉ ክረምቱን ታሞ ከረመ» ይላል። በዚህ ውስጥ ሁለት «ኡ» አሉ፤ አንዷ «ትልቁ» ላይ፣ አንዷ «በጉ» ላይ። መምህሩ ሁለቱንም እንደ አንድ ዓይነት ቆጥሯቸዋል። እስኪ ባለቤቱን እየቀያየርን እንየው። በጉ የእህቷ ቢሆን ልጅዎ ምን ትጽፍ ነበር? «ይህ ትልቁ በጓ ክረምቱን ታሞ ከረመ።» የራሷ ቢሆን? «ይህ ትልቁ በጌ።» የአያቷ ቢሆን አንቱታው ይገባልና «ይህ ትልቁ በጋቸው» ትል ነበር። አራቱንም ጮክ ብለው ያንብቧቸው፤ ጆሮዎ አንዱንም አይጥልም። የመጨረሻው ቅጥያ እንደ ባለቤቱ ይለዋወጣል፤ «ትልቁ» ላይ ያለችው ግን ከቦታዋ አልተነቀነቀችም። ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን በጉ ወንድ ነው፣ ትልቁም ያው ትልቁ ነው። እንግዲህ «ትልቁ» ላይ ያለችው እሙር ናት፣ «በጉ» ላይ ያለችው የወንድሟ ባለቤትነት ናት። ሁለቱ አይጋጩም፣ አይደጋገሙምም።

በላም ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይፈጠጣል። የወንድሟ ላም ብትሆን ኖሮ ልጅዎ «ይህች ትልቋ ላሙ» ብላ ትጽፍ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት «ትልቋ» እና «ላሙ» የተጣሉ ይመስላሉ፤ አንዱ ሴት፣ አንዱ ወንድ። አልተጣሉም። «ትልቋ» የምትመለከተው ላሟን ነው፤ «ላሙ» የሚለው ቅጥያ የሚመለከተው ወንድሟን ነው። ይህንን ሐረግ የሚሰርዝ መምህር እስካሁን አላጋጠመኝም፤ «ይህ ትልቁ በጉ» የሚለውን ግን ብዙዎች ይሰርዛሉ። ልዩነቱ በጉ ወንድ መሆኑ ብቻ ነው።

አመልካች ባለቤትነትን አይጠላም። «ይህ ልጄ ትምህርት አይገባውም» የሚል አባት ሞልቷል፤ «ይህ ቤታችን ያፈሳል»፣ «ያ ዘመድሽ መጣ» እንላለን። እንግዲህ «ይህ በጉ» ማለትም በጉ የእሱ እስከሆነ ድረስ ያስኬዳል። መምህሩ «ከይህና ከያ በኋላ ኡ አይመጣም» ሲል ትክክል የሚሆነው ያቺ «ኡ» እሙር ስትሆንና ስሙ ላይ በቀጥታ ስትለጠፍ ብቻ ነው።

ወደ ውሻው እንምጣ። ውሻው የአክስቷ ነው። ወንድ ውሻ ለመሆኑ «ይጮኻል» ምስክር ነው። የአክስቷ መሆኑን በቅጥያ ማሳየት ቢፈለግ «ያ ውሻዋ» ይባል ነበር። ልጅዎ ግን «ያ ውሻው» ብላለች። ባለቤቷ ሴት ስለሆነች «ው» የባለቤትነት ልትሆን አትችልም፤ የቀራት አንድ ሥራ ብቻ ነው፣ እሙርነት። እዚህ ላይ መምህሩ ልክ ነው። «ያ ውሻ» ወይም «ውሻው» መባል ነበረበት እንጂ ሁለቱ ባንድ ላይ አይገቡም። «ያ» ራሱ «የምታውቀው፣ እዚያ ያለው» እያለ እየጠቆመ ስለሆነ ስሙ ላይ ሌላ «የታወቀ» የሚል ምልክት አያስፈልገውም።

ይህንን የምናይበት ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ «ሰውዬ» እና «ሴትዮ» ናቸው። እነዚህ ቃላት ባዶአቸውን ለወሬ እምብዛም አይመቹም። «ሰውዬው መጣ»፣ «ሴትዮዋ ተቆጣች» እንላለን። ነገር ግን «ያ» ወይም «ያቺ» ከፊት ሲመጡ ምን ይሆናል? «ያ ሰውዬ መጣ»፣ «ያቺ ሴትዮ ተቆጣች»። «ው» እና «ዋ» ማንም ሳያዛቸው ወደቁ። ሰዋስው ያልተማረ እረኛም እንዲሁ ነው የሚለው። በአፍ ንግግር «ያ… ሰውየው» ሲባል የሚሰማ መሆኑን አልክድም፤ ግን እዚያ ላይ ጆሮ ይስጡት። ብዙ ጊዜ ከ«ያ» በኋላ ቆም ይላል፤ ተናጋሪው ስሙ ጠፍቶበት እየፈለገ ነው፣ ኋላ «ሰውየው» ብሎ ይቀጥላል። ያ የሐረግ ክፍል አይደለም፣ የፍለጋ ድምፅ ነው። በጽሑፍ ግን ቆም ማለቱ ስለማይታይ ስህተት ሆኖ ይነበባል።

«ይህ በጉ ነው» የሚለውን ደግሞ ከዚህ ጋር አያምታቱት። እዚያ ላይ «ይህ» የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው፣ «በጉ» ማሠሪያው የሚገልጸው ነው፤ አንድ ሐረግ አይደሉም። በመካከላቸው ትንፋሽ ማሳረፍ ይቻላል። «ይህ፣ በጉ ነው።» «ይህ ትልቁ በጉ ታመመ» ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ማረፊያ የለም።

እሙር ቅጥያ ስሙ ላይ ከአመልካች ጋር የማይገባ ከሆነ፣ የእናትዎ «ያ ትልቁ በግ» እንዴት ልክ ሆነ? መልሱ ቅጥያዋ የስም አይደለችም የሚል ነው፤ የሐረጉ ናት። ስሙ ብቻውን ሲሆን የምታርፍበት ሌላ ቦታ ስለሌላት እሱ ላይ ትወጣለች። ፊት ለፊቱ ቅጽል ሲመጣ ግን ስሙን ትታ ቅጽሉ ላይ ትቀመጣለች። «በጉ» እንላለን፤ «ትልቁ በግ» እንላለን። ቅጽሉን የሚያጎላ ቃል ብንጨምር እሱን አትነካውም፤ «በጣም ትልቁ በግ» እንላለን እንጂ «በጣሙ» የሚባል ነገር የለም። ቅጽሎቹ ሁለት ከሆኑ የመጀመሪያውን መያዟ ግዴታ ነው፤ «ትልቁ ነጭ በግ»። ሁለተኛውም ላይ ትደገም ቢባል «ትልቁ ነጩ በግ» ይሆናል፤ ከበድ ይላል እንጂ ስህተት አይደለም፣ ገበያ ላይ በጎች ሲለዩ ይሰማል። የማይሆነው የመጀመሪያውን ባዶ ጥሎ ሁለተኛው ላይ ማረፍ ነው። «ትልቅ ነጩ በግ» ያለ ሰው ወይ ቋንቋውን እየተማረ ነው፣ ወይ መናገር ጀምሮ ሐሳቡን ቀይሯል።

ከፊት የሚመጣው የግሥ ሐረግም ሊሆን ይችላል። «ትናንት ከመሐል ሜዳ የመጣው በግ።» እዚህ ላይ ቅጥያዋ «መጣ» ላይ ሄዳ ተለጥፋለች፤ «በግ» ባዶውን ቀርቷል። አንድ የምወደው ትንሽ ነገር እዚህ አለ። ላም ብትሆን «የመጣችው ላም» እንላለን፤ በብዛት የምንሰማው «ው» ነው እንጂ «ዋ» አይደለም፣ ሴትነቱን «መጣች» አስቀድማ ተናግራዋለችና። ብዙ ሲሆኑ ደግሞ «የመጡት በጎች»፤ ከ«ኡ» በኋላ ሌላ «ኡ» ስለማይመች «ት» ተተክታለች። ተማሪ «የመጡት» ውስጥ ያለችውን «ት» ምንነት ቢጠይቅ ብዙ መምህር ያፍራል። እሷም ያችው እሙር ቅጥያ ናት፣ ልብስ ቀይራ።

«ያ» ስሙ ላይ ያለውን እሙር ቅጥያ ይገፋል፤ ቅጽሉ ላይ ያለውን ግን አይገፋም። «ያ ትልቅ በግ» ትክክል ነው፣ «ያ ትልቁ በግ»ም ትክክል ነው። ልዩነት አላቸው ወይ ቢሉኝ፣ ለእኔ ጆሮ አላቸው። እናትዎ ከበረት ደጃፍ ቆመው ሦስት በጎች ፊታቸው ሲሆኑ «ያ ትልቁ በግ» የሚሉት ከሦስቱ አንዱን እየመረጡ ነው፤ ትናንሾቹ አይደሉም፣ ትልቁ ነው። በጉ ብቻውን ቆሞ ቢሆን ግን «ያ ትልቅ በግ» ማለት ይቀናቸው ይሆናል፤ መጠኑን መግለጻቸው ብቻ ነውና። ይህ የብረት ሕግ አይደለም፤ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ማንም አይደነግጥም። በፈተና ወረቀት ላይ አንዱን ብቻ ትክክል ብሎ መቁጠር ግን አያስኬድም። የግሥ ሐረግ ሲሆን ደግሞ ምርጫው ይጠፋል። «ያ ትናንት የመጣው በግ» እንላለን፤ «ያ ትናንት የመጣ በግ» ጆሮን ይጎረብጣል። ቁጥርም እንደ ቅጽል ነው፤ «እነዚያ ሁለት በጎች» እና «እነዚያ ሁለቱ በጎች» ሁለቱም ይሄዳሉ፣ የኋላው የታወቁትን ሁለቱን ይለያል።

«ያኛው በግ»፣ «ይህኛው በግ» የሚሉትም በዚህ ወገን ናቸው። እዚያ ላይ አመልካቹ ራሱ «ኛ» ጨምሮ እንደ ቅጽል ሆኗል፤ ስለዚህ «ው»ን ራሱ ይሸከማል። «ያኛው በጉ» ቢባል ግን ያው የልጅዎ ወንድም ዓይነት ባለቤት ያስፈልገዋል።

ነገሩ ከድርሰት ወጥቶ በሬ ላይ ሲያርፍ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ሁለት ጎረቤታሞች በመቀናጆ ያርሱ ነበር። አንደኛው ሁለት በሬዎች ነበሩት፣ ሌላኛው አንድ፤ ያ አንዱ ከሦስቱ ሁሉ ትልቅ ነበር። ሦስቱም የሚያድሩት በአንድ በረት ነው። ባለ ሁለቱ በሬ ከሦስተኛ ሰው ገንዘብ ተበድሮ በውላቸው ላይ «በጊዜው ባይከፍል ትልቁ በሬው ይያዝ» ተብሎ ተጻፈ። ጊዜው ደርሶ አበዳሪው መጣና በረቱን አይቶ ከሁሉ ትልቁን በሬ ጎትቶ ሊወስድ አለ፤ ያ ግን የጎረቤትየው ነው። ወረቀቱን አምጥተው ሲያስነብቡኝ መጀመሪያ የፈለግሁት አንዲቱን «ው» ነበር። ውሉ «ትልቁ በሬ ይያዝ» ቢል ኖሮ አበዳሪው የሚሟገትበት ነገር ነበረው፤ ከበረቱ ትልቁ ማለት ነው ብሎ መከራከር ይችላል። «ትልቁ በሬው» ሲል ግን እሙርነቱ «ትልቁ» ላይ ተከፍሎ አልቋል፤ «በሬው» ላይ የተጨመረችው «ው» ሌላ ሥራ ከሌላት በቀር አትመጣም፣ ሥራዋም ባለቤትነት ነው። ተበዳሪው ካሉት ሁለት በሬዎች ትልቁ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ የጎረቤትየውን በሬ አስለቀቁ። እኔ ያልኋቸውን በሰዋስው ቋንቋ አልተቀበሉኝም፤ አንዱ አዛውንት ግን «የሴት በሬ ቢሆን ‹ትልቁ በሬዋ› ይል ነበር» ሲሉ ነገሩ አለቀ። የጾታውን መለያ እኔ በመጽሐፍ የያዝሁትን እሳቸው በአፋቸው ይዘውታል።

ቅጥያዋ ሐረጉን ተከትላ እንደምትጓዝ ማየት ለሚፈልግ ተማሪ፣ «ን»ን ማስከተል ደህና መንገድ ነው፤ «ን» እሙሩ ካረፈበት ላይ ታርፋለችና። «ትልቁን በግ ሸጠ» እንጂ «ትልቁ በግን ሸጠ» አንልም። ስሙ የባለቤትነት ቅጥያ ካለው እሱም የራሱን «ን» ይጠይቃል፤ «ትልቁን በጉን ሸጠ»። አመልካቹም እንደዚሁ፤ «ያንን ትልቁን በግ አውጣው»። የልጅዎን ሐረግ በዚህ መልክ ብንጽፈው «ይህን ትልቁን በጉን ሊሸጠው አልፈለገም» ይሆናል፤ ሦስት «ን» በሦስት ቦታ። ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ቅጥያ ቢኖር ኖሮ እዚህ ላይ ይጋለጥ ነበር። «ያንን ውሻውን አሰረችው» ብለው ይሞክሩት፤ አክስቷ የሌላ ሰው፣ የአንድ ወንድ ውሻ ያሰረች ያስመስላታል። ልጅዎ ያለችው ይህንን አይደለም።

ሴቴ ስሞች ላይ አማርኛ አንድ መውጫ አለው፤ ለወንዶቹ ይህ ዕድል የለም። «ላሟ» ላምዋን የያዘች ሴት ካለች «የእሷ ላም» ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ እንደ «በጉ» አሻሚ ነው። «ላሚቱ» ግን አያሻማም፤ «ኢቱ» የማንንም ባለቤትነት አታሳይም፣ የታወቀችውን ላም ብቻ ነው። «ላሚቷ» የሚለው ደግሞ ሁለቱን ያጣመረ ነው፤ እሱም እሙር ብቻ ነው። «ልጅ» ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ጸንቷል፤ «ልጇ» ስንሰማ የእሷ ልጅ ማለት እንደሆነ እንገምታለን፣ የታወቀችውን ልጅ «ልጅቷ» ወይም «ልጅቱ» ነው የምንላት። አገርንም «አገሪቱ» የምንለው በዚሁ ቅጥያ ነው። ለጽሑፍ ጥራት ሲባል፣ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሴት ባለቤትና ሴት እንስሳ ካሉ «ኢቱ»ን ይምረጡ እላለሁ። እሷም ብትሆን አመልካችን አትታገሥም፤ «ያቺ ላሚቱ» አይባልም፣ «ያቺ ላም» ነው።

ሁለቱ ሥራዎች ስለ ምን በአንድ «ኡ» ላይ ወደቁ ለሚል፣ ግዕዝ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ግዕዝ እንደ አማርኛ የቆመ እሙር ቅጥያ የለውም። ነገር ግን የታወቀ ነገር ሲሆን «ቤቱ ለንጉሥ» ይላል፤ ቃል በቃል «ቤቱ፣ የንጉሥ» እንደ ማለት ነው። ባለቤትነትን የምታሳየው «ኡ» ቤቱ የተለየ፣ የታወቀ መሆኑንም አብራ እየተናገረች ነው። ባለቤት ያለው ነገር የታወቀ ነገር ነው፤ ከዚያ ወደ ሌላኛው ሥራ መሻገር ሩቅ አልነበረም። ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህንን ሲሰማ አይገረምም። በልጅዎ ድርሰት ውስጥም «ክረምቱን» እና «ሌሊቱን» አሉ። ሌሊት ባለቤት የለውም፤ እነዚያ «ኡ»ዎች እሙር ብቻ ናቸው፣ መምህሩም አልነካቸውም።

አሁን ወረቀቱን ይዘው ወደ መምህሩ ቢሄዱ፣ ክርክሩን በ«ይህ ትልቁ በጉ» አይጀምሩት፤ ሕጉ ልክ ነው ብሎ ይጸናል። በእህቷ ይጀምሩት። «በጉ የእህቷ ቢሆን ‹ይህ ትልቁ በጓ› ብትል ትሰርዘው ነበር?» ይበሉት። አልሰርዝም ካለ፣ የወንድሟንም መመለስ ይኖርበታል። ውሻውን ግን ልጅዎ ታስተካክለው። «አክስቴ አንድ ውሻ አላት። ውሻው ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል» ቢሆን ንጹሕ ነው። «ያ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል» ቢሆን ትንሽ ምሬት አለበት፣ እንቅልፍ ለነሳ ውሻ ይገባዋል። አክስቷም ከወቀሳው ትንሽ ይድረሳት ከተባለ ደግሞ «ያ ውሻዋ» ይባላል።